የገበያው ጣሳ

ወልድያን ለቅቄ መርሳ ታላቅ ወንድሜ ቤት የገባሁት አንድ ፌስታል ልብስና ብዙ አስተያየት ይዤ ነበር። ልብሱ በሳምንቱ አለቀ። አስተያየቱ ገና አላለቀም።

ከአስተያየቶቼ አንዱ ቋንቋ በሽምደዳ አይያዝም የሚል ነው። ይህን ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬበታለሁ፣ ጽፌበታለሁ፣ ከባልደረቦቼም ተጣልቼበታለሁ። ቃል በንባብ መካከል ይገኛል፤ ሰው መንገድ ላይ እንደሚተዋወቀው ሁሉ። እንደ በቆሎ ፈልፍሎ አንድ በአንድ መቁጠር የእንግሊዝኛ ትምህርት ሳይሆን የመጋዘን ሥራ ነው እል ነበር። ስለዚህ የወንድሜ ልጅ ግድግዳ ተደግፋ፣ ከስልኳ በሚወጣ ነጠላ ቃል ስታጠና ሳገኛት ደስ አላለኝም።

አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ማትሪክ እየጠበቀች ነበር። ፈተናው ተራዝሞ ወደ አዲሱ ዓመት ተገፍቷል። በሁለት ዓመት ውስጥ መጀመሪያ በሽታው፣ ቀጥሎ ጦርነቱ ከትምህርቷ ብዙ ስለበሉባት የቀራት ነገር ይህ ፈተና ብቻ ነው። ካለፈች ዩኒቨርሲቲ፤ ካላለፈች የአባቷ ሱቅ። ወንድሜ ሱቁን ይወዳል፤ ለልጁ ግን አይመኘውም። «እኔ ሚዛን ስጠብቅ አረጀሁ፤ እሷ ሌላ ነገር ትጠብቅ» ይል ነበር።

እቅዷ የአስራ ሁለት ሳምንት ነው። አፑ አንድ ቃል ያሳያታል። ትርጉሙን ለራሷ ትናገርና ስክሪኑን ትነካለች፤ መልሱ ይወጣል። ካወቀችው ቃሉ ለጥቂት ቀን ይሰወራል። ተመልሶ ሲመጣ ደግማ ካወቀችው ለሳምንት ይጠፋል፤ ቀጥሎ ለወር። ከሳተችው ነገ ጠዋት ደጅ ቆሞ ይጠብቃታል። ቃሎቹ የመማሪያ መጻሕፍት ቃሎች ናቸው፤ ሃይፖቴሲስ፣ ኢንፈር፣ ኮንትራስት፣ አሲዩም፤ በየትኛውም የትምህርት ዓይነት ጥያቄ ውስጥ የሚመላለሱና ካልታወቁ ጥያቄውን ጭምር የሚደብቁ።

«አጎቴ፣ አእምሮ ሊረሳው ሲል ነው መጠየቅ ያለበት» አለችኝ።

ሊረሳው ሲል መሆኑን ማን ይነግርሻል አልኳት። አፑ አለችኝ። እኔም ወደፊት ሰው የራቀውን ወዳጁን መቼ እንደሚናፍቅም ከስልክ እንደሚጠይቅ ተናግሬ ወጣሁ። ማንም አልሳቀም።

ብዙም ሳይቆይ መርሳም ተያዘች። ከወልድያ ሸሽቼ የመጣሁበት ነገር ተከትሎኝ መጣ። መጀመሪያ መብራት ጠፋ፣ ከዚያ ኔትወርክ። አውቶቡስ የማይጠፋበት ዋናው መንገድ ጸጥ አለ፤ ጸጥታው የሚሰበረው እኛ በማንሳፈርባቸው መኪኖች ብቻ ነበር። ወልድያ ያለው ቤቴ መዘረፉን ከመጣ ሰው ሰማሁ። ፍራሽና ብረት ድስት ወስደው መጻሕፍቱን አልነኳቸውም። ስለ ሥራዬ ከተሰጡት ትችቶች ሁሉ አጭሩና ግልጹ ይህ ነው።

የልጅቱ ስልክ ከአምስት ቀን በኋላ ሞተ። አፑም ምን መቼ መጠየቅ እንዳለበት ይዞ ሞተ። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ የሞተውን ስልክ በነጠላዋ ጫፍ ስትወለውል ቆይታ ኮመዲኖ ውስጥ ከተተችው።

ያዳናት ጓደኛዋ ናት። ጓደኛዋ የበርበሬ ነጋዴ ልጅ ስትሆን ከአጥራችን ወዲያ ትኖራለች። አብረው ተምረዋል፣ አፑንም አብረው ነው የጀመሩት። ከልጅቱ ይልቅ ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ትዕግሥት የሌላት ናት። በማግስቱ የሳሙና ካርቶን ተሸክማ መጣች። «ስልክ ከመምጣቱ በፊት ሰው ቁርአን በቃሉ ሀፍዟል፤ እኛ አንድ ኢንፈር ያቅተናል እንዴ?» አለች። ካርቶኑን በምላጭ በመዳፍ ልክ ቆራረጡት። በአንዱ ፊት እንግሊዝኛው ይጻፋል፣ በጀርባው አማርኛው። የዱቄት ወተት ጣሳዎች ተፈለጉ፤ ለእያንዳንዳቸው አራት አራት።

እዚህ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ። ካልቀረ ነገር በወጉ ይሁን ብዬ ሁለት ሕግ አስገባሁ። አንደኛ፣ ከጀርባው ከትርጉሙ ጋር እናንተው የሠራችሁት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይኑር፤ የቃሉ ቦታ ግን ባዶ ይሁን። ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛውን አይታችሁ አማርኛውን ማለት አይበቃም፤ አማርኛውን አይታችሁም እንግሊዝኛውን አውጡ። ፊቱን የምታውቁት ሰው ሁሉ ስሙ አይመጣላችሁም። ወንድሜ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ «ሽምደዳ ጠላት ነበር አይደል?» አለኝ። ይህ ሽምደዳ አይደለም፣ ጥያቄ ነው አልኩት። ልዩነቱን እስካስረዳው አልጠበቀም።

የቀረው ጊዜውን ማን ይጠብቅ የሚለው ነው። በዚያ ሰሞን ቀን ከቀን አይለይም፤ ትምህርት የለም፣ ቢሮ የለም፣ ሬዲዮም ባትሪ አልቆበታል። ስለዚህ ጣሳዎቹን ሰው በማይረሳቸው ቀኖች ላይ አሰርናቸው። የመጀመሪያው ጣሳ በየቀኑ ይከፈታል። ሁለተኛው ረቡዕና ዓርብ፤ ለእኛ ጾም ነው፣ ለጓደኛዋ ዓርቡ ጁምዓ ነው። «ጾሙን እናንተ ጹሙ፣ ቃሉን እኔ እበላላችኋለሁ» ትል ነበር። ሦስተኛው በገበያ ቀን፣ ማለት በሳምንት አንዴ። አራተኛው በወር አንዴ፣ በሚካኤል። ለእሷም ሚካኤል ሆነ፤ በእኛ አገር ይህ ማንንም አይገርምም። የታወቀ ካርድ ወደሚቀጥለው ጣሳ ያልፋል። የተሳተ ከየትም ይምጣ ወደ መጀመሪያው ጣሳ ይመለሳል። ሕጉ ይኸው ነው፤ ከዚያ የከፋ ሕግ በዙሪያችን ስለነበር ደስ የሚል ሕግ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጓሮ ተቀምጠው ይጠያየቃሉ። አንዷ ካርዱን ትይዛለች፣ ሌላዋ ጮክ ሳትል ትመልሳለች፤ ጮክ ማለት በዚያ ሰሞን ጥሩ አልነበረም። ቀስ ብዬ የታዘብኩት ዓረፍተ ነገሮቹን ነው። የመጀመሪያዎቹ ካርዶች ላይ ተመራማሪው መላ ምት ያቀርባል፣ አስተማሪው ሁለት ሐሳብ ያነጻጽራል። በሦስተኛው ሳምንት ተመራማሪውም አስተማሪውም ጠፉ። የወንድሜ ልጅ ለኢንፈር የጻፈችው፦ ውሾቹ መጮኽ አቁመዋል፤ ስለዚህ ሰዎቹ ገብተዋል ብዬ እደመድማለሁ። ለቴምፖራሪ፦ ይህ ጸጥታ ጊዜያዊ ነው። ለኢንዲኬት፦ ጎረቤታችን እህል መቅበሩ የሰማው ነገር እንዳለ ያመለክታል። እንደ መምህር ከታየ አንዱም ስህተት የለበትም። ቃል በሥራ ላይ ሲውል አየሁት፤ የፈለግሁትም ያንኑ ነበር። ግን እንዲህ ሆኖ እንዲመጣልኝ አልፈለግሁም።

እንደ ስልኩ በየቀኑ አዲስ ቃል ይጨምራሉ። የአስራ ሁለቱ ሳምንት የመጨረሻ ሁለቱ ላይ ግን አዲስ ቃል አይገባም፤ ያለውን ማጽናት ብቻ። የተሳቱት ካርዶች እየቀነሱ፣ የሦስተኛውና የአራተኛው ጣሳ እየከበደ ሄደ። እኔም ሳላምን ሳልክድ አየሁት።

ያልታየው ነገር ይህ ነው። ከተራራው ወዲያ ከባድ መሣሪያ መሰማት ሲጀምር ገበያው ተበተነ። ማንም ቀርቷል ብሎ አላወጀም። አንድ የገበያ ቀን ሰው ሳይመጣ ቀረ፣ ቀጥሎም እንዲሁ። ጨው የሚፈልግ በጓሮ በር ገብቶ በየትኛውም ቀን ይገዛል። የጓደኛዋ እናት ለገበያ ያዘጋጀችው በርበሬ በጆንያ ታስሮ መኝታ ክፍሏን ሞላው፤ እዚያ ቤት የገባ ሁሉ እያስነጠሰ ይወጣል። እኛ ደግሞ ሳምንትን የምንቆጥረው በገበያ ነው። ገበያ ሲጠፋ ሳምንቱ አብሮ ጠፋ። ረቡዕና ዓርብን በጾም እናውቃለን፣ ሚካኤልን በቤተክርስቲያኑ። ሦስተኛው ጣሳ ግን ማንም ሳያስበው ተዘግቶ ተቀመጠ። ሁለቱ ልጆች ካርድ ይጨምሩበታል፤ የሚያወጣለት አልነበረም።

ይህን ያወቅነው የወንድሜ ልጅ አንድ ካርድ ልታስገባ ስትል አልገባ ብሎ ነው። ጣሳው ሞልቷል።

«አንቺ፣ መጨረሻ ገበያ የቆመው መቼ ነው?» አለቻት ጓደኛዋን።

ሁለቱም በጣታቸው ሊቆጥሩ ጀመሩ። ከወር በላይ ሆኗል።

እዚያው ዘረገፉት። ያን ከሰዓት አልረሳውም። የወንድሜ ልጅ ካርዱን ታያለች፣ ፈገግ ትላለች፣ አፏን ትከፍታለች፤ ቃሉ ግን አይመጣም። ደጋግማ «አውቀዋለሁ» ትላለች። ስትገለብጠው «ይኸው፣ አውቀው ነበር» ትላለች። እስኪመሽ ከጠየቁት ሲሶ ያህሉ እንዲህ ሆነ፤ ያልደረሱበትን መልሰው ጣሳው ውስጥ ከተቱት። የወደቁት ሁሉ ወደ መጀመሪያው ጣሳ ተመልሰው ክዳኑ አልገጥም አለ። ትልቅ ክፍተት ተሻግረው የተገኙት ከድሮው ይልቅ የጸኑ ናቸው ብዬ ላጽናናት ሞከርኩ፤ እውነትም ነው። እሷ ግን የወደቁትን ታያለች።

ወሬው የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ፈተናው በወዲያኛው ወገን ሊሰጥ ነው፣ ደሴ የደረሰ ይፈተናል ተባለ። ማን እንዳለው አይታወቅም። በዚያ ሰሞን የሚታወቅ ወሬ አልነበረም። ከዋናው መንገድ ርቀው በግራና ከተማ በኩል በእግር ዞረው የሄዱ ሰዎች እንዳሉ፣ መንገዱን የሚያውቅ አንድ ከብት ነጋዴ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሌሎችን ይዞ እንደሚወጣም ተሰማ። ስለደረሱት ሰዎች ሁሉም ያወራል። ስላልደረሱት የሚያወራ አልነበረም፤ ያልደረሰ የለም ያለን ግን ማንም የለም።

ሁለቱም ልጆች መሄድ ፈለጉ። ወንድሜ ሂጂም ቅሪም ማለት አቃተው። ቅሪ ብሎ ዓመቷ ቢያልፍ በእሱ ነው፤ ሂጂ ብሎ አንድ ነገር ብትሆን በእሱ ነው። እኔን ወደ ሱቁ ጠርቶ ፈትናት አለኝ። ፈትናትና ከብዶ ይታያት፣ በራሷ ትተወው ነበር የፈለገው።

«ራሷን ነው የምትፈትነው» አልኩት። «የጥያቄው ባለቤት እሷ ናት።»

«አንተ በሕይወትህ በማንም ጉዳይ ሳትገባ ቀርተህ ታውቃለህ?»

አላውቅም። በዚህ ግን አልገባሁም። ልጅቱን ስለማከብር ነው ብል አምሮ ይነበባል፤ ዋናው ምክንያት ግን የየትኛውም መልስ ባለቤት መሆን ስላልፈለግሁ ነው፤ ወንድሜም እንዲሁ።

ሐሳቡን ያመጣችው ራሷ ናት። ሐሙስ ከሰዓት ሁለቱ ጓሮ ተቀመጡ። ከየራሳቸው የገበያ ጣሳ ሳያዩ አርባ አርባ ካርድ ያወጣሉ። ለምን ከዚያ ጣሳ ስል ጠየቅሁ። «ሌሎቹ በቅርቡ የጠየቅናቸው ናቸው፣ ስለ ፈተናው ምንም አይነግሩንም» አለች። አማርኛው ይታያል፣ እንግሊዝኛው ይወጣል። ከአርባው ሠላሳ ያወጣ ይሄዳል። ያላወጣ መንገዱን ለማይደርስበት ፈተና አይሞክረውም፤ ይቀራል። ወንድሜ ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ የማይሰማ መስሎ ይሰማል። የጓደኛዋ እናት ከአጥሩ ወዲያ በርበሬ ታገላብጣለች።

መጀመሪያ ጓደኛዋ ተጠየቀች። በጣም ፈጣን ናት። መሳት ስትጀምርም ፍጥነቷ አልቀነሰም፤ አላውቅም ብላ ትጥለዋለች። ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ሃያ ዘጠኝ ይዛ አንድ ካርድ ቀራት። በካርዱ ላይ ያለው አማርኛ «ውሎ አድሮ» ይላል። ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ እጇን ሰዳ ካርዱን ገለበጠችው።

«ኢቬንቹዋሊ! ይኸው፣ ሠላሳ።»

«ገልብጠሽ ነው ያወቅሽው» አለች የወንድሜ ልጅ።

«ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።»

«ጫፍ ላይ ያለ አይቆጠርም። ጣሳውን ስንዘረግፍ አንቺው ነሽ ያወጣሽው ሕግ።»

«የራሴ ፈተና አይደለም እንዴ? እኔ ቆጥሬዋለሁ።» ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ፣ «አንቺ ደግሞ ከራስሽ ጋር እንኳ አትታረቂም» አለቻት።

የወንድሜ ልጅ ተራ ሲደርስ ጊዜ ወሰደ። ለእያንዳንዱ ካርድ ትጠብቃለች፣ ካልመጣላት ሳትገለብጠው ታስቀምጠዋለች። ሃያ ሰባት አገኘች። ከተቀመጡት ውስጥ ሦስቱ ጫፍ ላይ እንደነበሩ ከፊቷ አይቻለሁ። ጓደኛዋም አይታለች። «እነዚያን ሦስት ቁጠሪያቸው፣ አብረን እንሂድ» አለቻት።

አልቆጠረቻቸውም። የሳተቻቸውን ካርዶች ሰብስባ ወደ መጀመሪያው ጣሳ ከተተቻቸው። ወንድሜ ከሚዛኑ ወደ ሱቁ ጓዳ ገባ።

ጓደኛዋ ዓርብ ወጣች። አራቱን ጣሳዎቿን ለእናቷ ትታ፣ የሳታቸውን ካርዶች ብቻ በላስቲክ ጠቅልላ ልብሷ ውስጥ ይዛ። «ውሎ አድሮን» ግን ጣሳው ውስጥ ትታዋለች፤ አውቄዋለሁ ብላ ነውና። የወንድሜን ልጅ አቅፋ፣ «ስመጣ እጠይቅሻለሁ» አለቻት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደሴም ተያዘች። ይህን የሰማነው በእግር ከመጡ ሰዎች ነው። ስለ ከብት ነጋዴው የጠየቅናቸው ሁሉ አላየንም አሉ። ሚካኤል ደረሰ፤ የወንድሜ ልጅ የወሩን ጣሳ ከፈተች፣ ብቻዋን ጠየቀች፣ ብቻዋን መለሰች። አስራ ሁለተኛው ሳምንት በዚያው አለፈ። ከዚያ በኋላም አላቆመችም፤ የሚያስቆማት ፈተና አልመጣም።

አንድ ቀን የጓደኛዋ እናት ጣሳዎቹን በሰፌድ ላይ ደርድራ መጣች።

«አሰላሙ አለይኩም። ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁታል። ይኼ ነገር ቀኑ ካለፈ ይበላሻል አሉ» አለችኝ። «ልጄ ስትመጣ ወደኋላ እንዳትቀር በየቀኑ የሚደረገውን ያሳዩኝ።»

ይህ እንደማይሆን ላስረዳት አፌን ከፈትሁ። ካርድ በሌላ ሰው እጅ አያልፍም፤ ያለ ተጠያቂ ጥያቄ የለም። በዚያ አንድ ወር ውስጥ የመጀመሪያው የተሟላ ሐሳቤ ነበር። የወንድሜ ልጅ ቀደመችኝ። አጠገቧ ተቀምጣ ሕጉን እንዳለ ነገረቻት። የተመለሰ ወደፊት ያልፋል። ያልተመለሰ ወደ መጀመሪያው ጣሳ ይገባል፣ የመጀመሪያው ጣሳ በየቀኑ ይከፈታል።

ሴትየዋ አሰበች። «እንግዲህ እሷ አልመለሰችም» አለች። «ስለዚህ ሁሉም የየቀኑ ነው ማለት ነው።»

«አዎ» አለች የወንድሜ ልጅ።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሴትየዋ የአስር ሶላቷን ሰግዳ ካርዶቹን ታወጣለች። አማርኛ በደንብ ታነባለች፤ አማርኛውን ለራሷ ታነባለች፣ አንድ ሰው ለመመለስ የሚበቃውን ያህል ትጠብቃለች፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ጣሳ ትመልሰዋለች። ሦስቱ ጣሳ ባዶ ሆኑ። በአጥሩ በኩል ሲያዩአት ሥራ የያዘ ሰው ትመስላለች።

ከተማዋ ነጻ ስትወጣ ኔትወርክ ተመለሰ፤ በየቤቱ ስልክ ይጮኽ ጀመር። ጓደኛዋ ቤት ከየዘመዱ ተደወለ፤ ሁሉም ደረሰች ወይ ብለው ይጠይቃሉ። በጦርነቱ ምክንያት ለቀሩት ተማሪዎች ሌላ ዙር ፈተና እንደሚሰጥ ተነገረ። የወንድሜ ልጅ ተፈተነች። አለፈች። በቁጥሩ አልኮራበትም፤ እሷም አልነገረችኝም። መርሳ ውስጥ በዚያ ሰሞን ስለዚያ ውጤት ደስ ያለው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ደስ ያለው።

ዩኒቨርሲቲ ከመሄዷ በፊት ልትሰናበት ስትሄድ ወደ ጓደኛዋ እናት ቤት ወሰደችኝ። ገበያው ዳግም መቆም ከጀመረ ሰንብቷል። ክፍሉ ውስጥ ጆንያ አልነበረም፤ ማስነጠስም የለም። ካርዶቹ ምንጣፉ ላይ ተዘርግተዋል። ሴትየዋ አንዱን አንስታ ሰጠችኝ። በጀርባው ከአማርኛው ሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም መስመር አለ፤ ይህን ላንብብልሽ ያላት ሰው አልነበረም፣ እሷም እስከዚያ ቀን አልጠየቀችም።

«ምን ብላ ነው የጻፈችው?»

የጓደኛዋ ጽሕፈት የሚሮጥ ስለሆነ ሁለቴ አየሁት። ውሎ አድሮ እማ ያንን በርበሬ ትሸጠዋለች ይላል አልኳት።

ሳቀች። አፏን በሻርፗ ሸፍና ለረጅም ጊዜ ሳቀች። ከዚያ ካርዱን ተቀብላኝ ጣሳው ውስጥ መለሰችው።

«ሸጥኩት እኮ» አለች።